በቀይ የሚሰመረው

መምህርት ዘነቡ ሽብሩ ጨለለቅቱ ውስጥ ባለ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ታስተምራለች። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። ዲፕሎማዋን ወደ ዲግሪ ለማሳደግ አራት ክረምት ዲላ ተመላልሳለች፤ ይህ የመጨረሻው ነበር። የቀራት አንድ ኮርስ፣ ከኮርሱም አንድ ጽሑፍ ብቻ ነው። ሁለት ገጽ፣ በማስተማር ሕይወቷ ስለገጠማት አንድ ቀን። ጽሑፉ ካላለፈ ዲግሪው ለከርሞ ይቆያል።

ቀላል መስሏት ነበር። ከምሳ በኋላ ተቀምጣ ሻይ ሳይቀርብ ጨረሰችው።

የጻፈችው ይህን ነው። በታኅሣሥ ወር አንድ ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ የንጽሕና ቁጥጥር አደረገች። ወርቂቱ የምትባል የአምስተኛ ክፍል ተማሪ እጇ ቆሽሾ ተገኘ። ታጥባ እንድትመጣ ነገረቻት። ልጅቷ ሄደች። በዚያ ቀን አልተመለሰችም፤ በማግስቱም አልመጣችም። በተማሪዎች በኩል ሁለት ጊዜ መልእክት ተላከ። በየካቲት ስሟ ከመዝገብ ወጣ። በሰልፉ ላይ ስንት ተማሪ እንደነበረ፣ ደመና እንደነበረ፣ ባንዲራው በስንት ሰዓት እንደተሰቀለ ሁሉ አለበት። መጨረሻ ላይ «በጣም አዘንሁ» የሚል ቃል አክላለች።

ኮርሱን የሚሰጠው መምህር ተክለማርያም ነው። ቀጭን ሰው ነው፤ ከብዙዎቹ ተማሪዎቹ በዕድሜ ስለሚያንስ ሁሉንም «እርስዎ» ይላል። ሰኞ ዕለት ጽሑፎቹን መለሰና ሁለት ሁለት እስክሪብቶ እንዲያወጡ አዘዘ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ጮክ ብሎ ነበር የሚናገረው።

«በዚያ ቀን እዚያ ቦታ ካሜራ ተተክሎ ቢሆን ያነሳው የነበረውን ሁሉ በሰማያዊ አስምሩ። ካሜራው ሊያየው የማይችለውን በቀይ። ያኔ ያሰባችሁትን፣ ለምን እንዳደረጋችሁት፣ ዛሬ ስታዩት ምን እንደሆነ የገባችሁን።»

ዘነቡ አሰመረች። ሁለቱም ገጽ ሰማያዊ ሆነ። «በጣም አዘንሁ»ን በቀይ አሰመረችና እጇን አወጣች።

«አንድ ቀይ አለኝ።»

ተክለማርያም ጎንበስ ብሎ አየው። «ምኑ ነው ያሳዘነዎት?»

«ልጅቷ ማቋረጧ ነዋ።»

«እሱን እኔም ሳነብ አዝኛለሁ፤ እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም። የእርስዎ ከእኔ በምን ይለያል?»

መልሷን ሳይጠብቅ ወደሚቀጥለው ወንበር አለፈ።

ከጎኗ የተቀመጠው ባልቻ ከዚያው ትምህርት ቤት ነው። ሳይንስ ያስተምራል። የእሱ ጽሑፍ በጭቃ ላይ ከሞተር ሳይክል ወድቆ የፈተና ወረቀት ስላረጠበበት ቀን ነው። ገጹን አሳያት። እሱም ሰማያዊ ብቻ ነበር።

«አይዞሽ እትዬ፣ ባሕር ውስጥ ብቻሽን አይደለሽም» አላት።

ለሐሙስ እንዲያሻሽሉ ተነገራቸው። ዘነቡ ሃያ ዓመት ሙሉ ልጆችን ድርሰት ያስጻፈችበትን ዘዴ ተጠቀመች። መጨረሻ ላይ አንድ አንቀጽ ጨመረች፤ መምህር ታጋሽ መሆን እንዳለበት፣ ትምህርት የሀገር መሠረት እንደሆነ፣ ከዚህ ገጠመኝ ብዙ እንደተማረች። በቀይ አሰመረችው። ሰባት መስመር ሙሉ ቀይ።

ሐሙስ ተክለማርያም የዘነቡንና የባልቻን ወረቀት ወሰደና አንድ ነገር ሊያሳይ እንደሆነ ተናገረ። የወርቂቱን ታሪክ ማንበብ ጀመረ። ሲጨርስ የመደምደሚያውን አንቀጽ ከባልቻ ወረቀት ላይ አነበበ። መምህር ታጋሽ መሆን አለበት፤ ትምህርት የሀገር መሠረት ነው፤ ከዚህ ብዙ ተምሬአለሁ። ገጠመ። ቀጥሎ የሞተር ሳይክሉን ታሪክ አነበበና የዘነቡን መደምደሚያ ገጠመበት። አሁንም ገጠመ።

«አሁን ያነበብኩት የተቀያየረውን ነው» አለ። «ያወቀ አለ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«እንዴ መምህር፣ ከሞተር ወድቄም የእሷ ትዕግሥት ደረሰኝ ማለት ነው!» አለ ባልቻ።

ዘነቡም ሳቀች። ፊቷ ግን ሞቀ። ተክለማርያም ሳቁ እስኪያልፍ ጠብቆ ቀጠለ። «ከማንም ታሪክ ጋር የሚገጥም ትምህርት የማንም አይደለም። ምን ሆነ ለሚለው መልስ ሰጥታችኋል። ምን ማለት ነበር ለሚለው መፈክር ነው የሰጣችሁኝ። መልሱ መጨረሻ ላይ የሚለጠፍ ነገር አይደለም። ካገኛችሁት ታሪኩን ራሱን ከላይ ጀምሮ ይቀይረዋል፤ የትኛው እንደሚገባ፣ የትኛው እንደሚወጣ። ማክሰኞ የመጨረሻው ነው።»

ሲወጡ ዝናቡ አልቆመም። በረንዳው ላይ ቆመው ባጃጅ ጠበቁ። ባልቻ ስልኩን በላስቲክ እየጠቀለለ ነበር።

«እኔስ ሞተር ነው፤ ሌላ ቀን መርጬ እጽፋለሁ» አላት። «አንቺ ግን እጇን ያነሳሽውን ለምን አልጻፍሽውም?»

«የማንን?»

«የወርቂቱን ነዋ። ሰልፉ መሀል።»

ዘነቡ ወደ መንገዱ አየች። «እሱ ምን ያደርጋል?»

«እኔ እንጃ። አንቺ ነሽ የጻፍሽው። እኔ የማስታውሰው እሱን ነው።» ስልኩን ኪሱ ከትቶ፣ «እኔም ስቄ ነበር» አለ። ባጃጅ መጣ። እሱ ገባ፤ እሷ ቀረች።

እጇን አንስታ ነበር። የልጅቷን አንጓ ይዛ ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ፣ ሰልፉ ሁሉ እንዲያይ፣ «ይሄ የተማሪ እጅ ነው?» ብላ ነበር። አራት መቶ ልጅ ሳቀ። መምህራኑም ሳቁ። ወርቂቱ አላለቀሰችም። እጇ እስኪለቀቅ ጠበቀችና ሄደች። ዘነቡ ይህን አልረሳችውም። ስትጽፍ ግን «ታጥባ እንድትመጣ ነገርኋት» የሚለው ዓረፍተ ነገር ተሻላት። ውሸት አይደለም፤ ነግራታለች።

ዓርብ ጻፈችና ቀደደች። ቅዳሜም ጻፈች። ከየት መጀመር እንዳለባት የገባት እሑድ ከቸርች ስትመለስ ነው። ከሰልፉ አልነበረም።

ዘነቡ የዱመርሶ ልጅ ናት፣ የቡና አብቃይ ገጠር። ቡና ሲቀላ ከታላቆቿ ጋር ትለቅም ነበር። የእሸት ቡና ጭማቂ እጅ ላይ ይደርቃል፣ ይጣበቃል፣ ጣት መሀልና ጥፍር ሥር ገብቶ ይጠቁራል። በሳሙና አይለቅም። በሎሚ ቢታሽም ቶሎ አይለቅም። ለቀማው ሲያልቅ ቀስ እያለ ራሱ ይሄዳል። የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች የከተማ ልጆች አጠገቧ መቀመጥ አንፈልግም ብለው ነበር። ከዚያ ወዲህ በለቀማ ወራት ክፍል ውስጥ እጇን አታወጣም ነበር፤ መልሱን እያወቀች እንኳ። ጨለለቅቱ ስትቀጠር ከየት ነሽ ላሏት «ከዲላ» አለች። እስካሁን የምትለው እሱን ነው።

ሦስተኛውን ጽሑፍ በዚህ ጀመረች። ስለ ባንዲራው፣ ስለ ደመናው፣ ስለ መዝገቡ የነበረው ወጣ። ሰልፉ አምስት መስመር ብቻ ሆነ። ከሥሩ እንዲህ ጻፈች፦

«ታጠቢ ስላት የቡናው ጥቁረት እንደማይለቅ አውቅ ነበር። እዚያ ሰልፍ ላይ ከእሷ ሌላ ይህን በእጁ የሚያውቅ ሰው እኔ ነበርሁ፤ ሌሎች ልጆችም ነበሩ፣ እነሱ እጃቸውን ደብቀዋል። ያኔ ስለ ንጽሕና ያደረግሁት መስሎኝ ነበር። ለዳይሬክተሩም ያልሁት እሱን ነው። ዛሬ ሳየው ስለ ንጽሕና አልነበረም። ያ እጅ የእኔ እንዳልሆነ ሰው ሁሉ እንዲያይልኝ ነው ከፍ ያደረግሁት። ሁለት ጊዜ መልእክት የላክሁትም እንድትመጣ ብቻ አልነበረም፤ ልኬአለሁ ለማለትም ነበር። ቤቷ ከትምህርት ቤቱ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። አልሄድሁም።»

መደምደሚያ አልጻፈችም። ልትጽፍ ሞክራ ታጋሽ የሚለው ቃል መጣባትና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ማክሰኞ ተክለማርያም ቢሮው ውስጥ ቆሞ አነበበው። አንድ ጊዜ ወደ ላይ ተመልሶ ደግሞ አነበበ።

«እጇን ማንሳትዎ በመጀመሪያው ላይ አልነበረም።»

«አልነበረም።»

«ለምን ገባ?»

«ለምን እንዳደረግሁት ስጽፍ፣ ያደረግሁትን ሳልጽፍ መቀጠል አቃተኝ።»

ራሱን ነቀነቀ። «አልፏል» አለ። ቀጥሎ፣ «ዓርብ ለክፍሉ የሚነበቡ ሦስት ጽሑፎች እመርጣለሁ። ይህን ልምረጥ?»

«ክፍሉ ውስጥ ከእኔ ትምህርት ቤት ሰው አለ።»

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው የምጠይቅዎት። እምቢ ቢሉ ነጥብዎ አይነካም።»

ዓርብ ራሷ ቆማ አነበበችው። ድምፅዋ ወርዶ ስለነበር ከኋላ አንዷ «አይሰማም» ብላ ጮኸች፤ አንቀጹን ከመጀመሪያው ደገመችው። ሁለት ጊዜ ማለት ነው የተናገረችው። ስትጨርስ ማንም አላጨበጨበም። ባልቻ ጫማውን ያይ ነበር። ከፍስሐ ገነት ከተማ የመጣች አንዲት መምህርት ግን እረፍት ላይ መጥታ፣ «ምንም አይደል፣ ሁላችንም የምናደርገው ነው» አለቻት። ዘነቡን ከሁሉ ያሳፈራት ይህ ማጽናኛ ነበር። ምስጋና የተቀበለች መሰላት። ስለ ልጅቷ ሁለት ገጽ ጽፋለች፣ ነጥብ አግኝታበታለች፣ ዲግሪዋ ደርሷል። ወርቂቱ የምታውቀው ነገር የለም።

መስከረም ላይ ምዝገባ በተጀመረ በሁለተኛው ቀን የሃያ ደቂቃውን መንገድ ሄደች። ወረቀቱን ልትይዝ አስባ ቤት ትታው ወጣች። ወርቂቱ ደጅ ላይ ከእናቷ ጋር እንሰት ትፍቅ ነበር። ቁመቷ ጨምሯል። እናትየው ሰላምታ ሰጥታ ወንበር ልታመጣ ገባች። ልጅቷ ተነሥታ ቆመች።

«ደህና ነሽ ወርቂቱ?»

«ደህና ነኝ ቲቸር።»

ይህን ስትል ሁለት እጇን ከነጠላዋ ሥር አስገባች። መስከረም ነበር። ቡናው ገና አረንጓዴ ነው፤ እጇ ላይ ከእንሰቱ ውኃ በቀር ምንም አልነበረም።

ዘነቡ መንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ነበር። ጠፋባት።

«እንደማይለቅ አውቅ ነበር» አለች። «ታጠቢ ስልሽ። የዱመርሶ ልጅ ነኝ፣ ለቅሜአለሁ። እያወቅሁ ነው ያደረግሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ያንቺ አይደለም። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ወርቂቱ መሬት መሬት አየች። ይቅር ብያለሁ አላለችም። እናትየው ወንበር ይዛ ስትወጣ ነው የተናገረችው።

«ዘንድሮም ሰልፍ ላይ እጅ ይታያል?»

ቁጥጥሩን ያወጣው ዳይሬክተሩ ነው። ዘነቡ ይቀራል ልትል አትችልም።

«ይታይ ይሆናል» አለች። «እኔ ግን አላይም። የሚያየውም ካለ እንደማይለቅ እነግረዋለሁ። እዚያው ሰልፉ ላይ።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። እጇን ግን አላወጣችም።

«ምዝገባው እስከ መቼ ነው?» አለች።

«እስከ ዓርብ።»