የገጠመው ብዛት

ከጎንደር ቅመም በሚያስመጣ ቢሮ እሠራ ነበር። የዕቃው ዝርዝር ስካን ተደርጎ በፒዲኤፍ ይመጣል፤ እኛ ጽሑፍ በሚያነብ ፕሮግራም ወደ ሲኤስቪ፣ ማለትም ወደ ሠንጠረዥ ፋይል፣ እንቀይረዋለን። አንድ ቀን ባልደረባዬ ፋይሉን ወደ መጋዘኑ ልትልክ ስትል፣ ያዘዝነው ኮረሪማ የለበትም አልኳት።

«ወረቀቱ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ረድፍ ነው፣ ፋይሉም እንደዚያው። ገጥሟል» አለች፣ ቀና እንኳ ሳትል።

ደሜ ፈላ። ከወንበሯ አስነስቼ ተራ ቁጥሩን ከላይ እስከ ታች አየሁት። ከአርባ ወደ አርባ ሁለት ይዘላል፤ በወረቀቱ ገጽ ግርጌ የነበረው ኮረሪማ ቀርቷል። ዝቅ ብሎ ደግሞ ስሙ በሁለት መስመር የተጻፈው የነጭ ሽንኩርት ዱቄት ለሁለት ተከፍሎ ሁለት ረድፍ ሆኗል፤ ሁለተኛው ተራ ቁጥር የለውም። አንዱ ጎድሎ አንዱ ስለተጨመረ ብዛቱ ገጠመ።

«ብዛት ብቻ አይቶ የሚልክ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብዬ ጮኽኩባት።

ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጣቷ አሳየችኝ። «የረድፉ ብዛት ከገጠመ ይላክ» ይላል። የእጅ ጽሑፉ የኔ ነው።