ጭራው የተቆረጠ ስብከት

እስከ ዛሬ «ብለዋል ወይስ አላሉም?» የሚል ጥያቄ ስሰማ ደሜ ይፈላል። ሲሰሙት ትክክለኛ ጥያቄ ይመስላል። እኔ ግን በደርግ ጊዜ፣ መቱ ውስጥ፣ በቀበሌያችን አዳራሽ አንድ ቅን ሽማግሌ በዚህ ጥያቄ ሲታነቁ አይቻለሁ።

ሽማግሌው የንስሐ አባቴ ነበሩ። ቅዳሴ ሲወጣ ካባቸውን አውልቀው በቀጥታ ወደ ቡና ማሳቸው የሚወርዱ፣ መዳፋቸው እንደ ገበሬ የሻከረ ቄስ። ስንፍናን ከስርቆት ለይተው አያዩም። እኔን ራሴን፣ የሁለተኛ ደረጃ አማርኛ አስተማሪዋን፣ «ጓሮሽ ጎመን እንኳ የለውም» እያሉ ይገሥጹኝ ነበር።

በዚያ ክረምት ቡናው ታመመ። ፍሬው ሳይቀላ እየጠቆረ ይረግፍ ጀመር፤ ሕዝቡም ምሕላ ያዘ። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ አባ ተነሥተው እንዲህ ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፦ «ልጆቼ፣ ‹ጹሙ፣ ጸልዩ፤ ዶማውን አስቀምጡ፤ እግዚአብሔር ያበላችኋል› የሚላችሁን አትስሙ። እንዲህ የሚል ሰው ፈጣሪውን ሎሌ አድርጎታል። ጸልዩ፤ ግን ዶማችሁን ይዛችሁ ጸልዩ።» አጠገቤ የቆመችው ጎረቤቴ በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ «ባሌን ነው እኮ የሚሰብኩት» አለችኝና አፋችንን በነጠላ ሸፍነን ሳቅን።

የቀበሌው የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ እሑድ እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ዓርብ ዓርብ ወደ መስጊድ አድማጭ ይልክ ነበር። ከበላይ የታዘዘው ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ሪፖርት ስለሆነ ከስብከቱ «ፍሬ ነገሩን» ብቻ መርጦ ያስቀራል። «የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ገለባ ማበጠር አውቃለሁ» እያለ ይኩራራ ነበር። እንዳጋጣሚ በሶር መንገድ ወዳለው የማኅበር ማሳ ለኩትኳቶ የወጣው ሰው በዚያ ሳምንት ጥቂት ሆነ። ዝናቡ ነበር ምክንያቱ፤ ግን ዝናብን ስብሰባ ጠርቶ መክሰስ አይቻልም። አባ ተከሰሱ።

አዳራሹ ውስጥ ኃላፊው ተነሥቶ አነበበ፦ «ቄሱ ለምእመናኑ፣ ‹ጹሙ፣ ጸልዩ፤ ዶማውን አስቀምጡ፤ እግዚአብሔር ያበላችኋል› ብለዋል።»

አንዲት ቃል አልጨመረም። እኔን ያበገነኝም ይኸው ነው። ቢዋሽ «ውሸት ነው» እንል ነበር። እሱ ግን «የሚላችሁን አትስሙ» ከምትለው ጀምሮ ያለውን ጣለው። በአማርኛችን የንግግሩ ባለቤት ብዙ ጊዜ ከኋላ ነው የሚመጣው፤ መጀመሪያ ወሬው ይነገራል፣ ከዚያ የማን እንደሆነ። ጭራውን ስትቆርጠው አባ ሊነቅፉት ያመጡት የሌላ ሰው ቃል የራሳቸው ሃይማኖት ሆኖ ቁጭ አለ።

ከኋላ አንዲት ገበሬ ሴት «አካስ ሚቲ! እንዲህ አይደለም!» ብላ ጮኸች። ሥነ ሥርዓት አስከባሪው አስቀመጣት።

«ብለዋል ወይስ አላሉም?» አላቸው ኃላፊው።

አባ ውሸት አያውቁም። «ቃሉ ከአፌ ወጥቷል፤ ሐሳቡ ግን…»

«ይበቃል! ጉባኤው ይስማልኝ፤ ቃሉ ከአፌ ወጥቷል ብለው አምነዋል!»

የተቆረጠውን ሊያስረዱ ሲነሡ ማስረዳታቸውንም ቆረጠው። በልማት አሻጥር የሚከሰስ ሰው ወዴት እንደሚሄድ አዳራሹ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተቀጠረ፤ አባም እስከዚያ ከቤታቸው እንዳይወጡ ታዘዙ።

በማግስቱ ስኳር ልገዛ ወደ ጉራጌው ባለሱቅ ሄድኩና ንዴቴን ዘረገፍኩለት። ሙስሊም ነው፤ ረጋ ያለ ሰው።

«አይ መምህርት» አለኝ ስኳሩን እየመዘነ፤ «የእናንተን ጭራውን ነው የቆረጡት፣ የእኛን ደግሞ አናቱን ነበር። ሼሃችን ‹ጎረቤትህ ተርቦ አንተ ጠግበህ ካደርክ ሶላትህ ምንም አይጠቅምህም› ብለው አስተማሩ። አድማጩ ‹ሼሁ ሶላት ምንም አይጠቅምም አሉ› ብሎ አወራ። የተናደደው መንግሥት አይደለም፤ እኛው ነን። ሽማግሌውን ሳምንት ሙሉ ሰላም የሚላቸው ጠፋ።»

«ታዲያ ምን አደረጋችሁ፣ ጋሼ?»

«ምን እናደርጋለን? ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እሳቸው ሙሉውን ቢደግሙትም ሰው የያዘው አጭሩን ነው።»

ይህ መልስ የባሰ አቃጠለኝ። ስኳሩን ተቀብዬ ስወጣ ወስኜ ነበር።

በቀጠሮው ቀን እጄን አወጣሁ። ከዚያ በፊት ከክፍለ ሀገር የመጡ አንድ ጓድ አደባባይ ላይ ንግግር አድርገው ስለነበር እኛ መምህራን በውይይት ክበብ ደጋግመን አጥንተነዋል። ጓዱ «አንዳንዶች ‹ማኅበሩ ያንተን ወስዶ ለሰነፍ ያበላል› ይሏችኋል፤ እነዚህ ትናንት በጭሰኛ ላብ የወፈሩ ናቸው» ነበር ያሉት።

«ጓዶች» አልኩ፣ «በእኛ ኃላፊ አሠራር የክፍለ ሀገሩን ጓድ ንግግር ፍሬ ነገር ላውጣ። ‹ማኅበሩ ያንተን ወስዶ ለሰነፍ ያበላል።› አንድ ቃል አልጨመርኩም። ጓዱ ብለዋል ወይስ አላሉም?»

ከአዳራሹ ኋላ ሳቅ ፈነዳ። ኃላፊው ፊቱ ጠቆረ፤ «አሉ» ቢል ጓዱን አድኃሪ ማድረጉ ነው፣ «አላሉም» ቢል የገዛ ሪፖርቱን ማፍረሱ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጉሮሮውን ጠራርጎ አባ በማስጠንቀቂያ እንዲለቀቁ፣ ከእንግዲህ ግን እንዳይሰብኩ ወሰነ። አባ በሩ ላይ ግንባሬን በመስቀላቸው ዳሰሱኝ። አሸነፍኩ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ ጅል!

ብዙም ሳይቆይ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ስለ እኔ የተጻፈ ሪፖርት ነበር፦ «መምህርቷ በስብሰባ ላይ፣ ‹ማኅበሩ ያንተን ወስዶ ለሰነፍ ያበላል› ብላለች።» የንግግሬ አናቱም ጭራውም የለም።

«ብለሻል ወይስ አላልሽም?» አለኝ ሹሙ።

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ አላወቅሁም። ለያዥ ለገናዥ እስካስቸግር ጮኽኩ። ወደ ዳሪሙ ተዛወርኩ፤ መኪና ብርቅ ወደሆነበት፣ ደመወዝ ለመቀበል ጭቃ እያቦኩ ወደሚሄዱበት አገር። ጭቃው አላናደደኝም። ያናደደኝ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ነገሩን ከሥሩ መጀመር ማስፈለጉ ነው። የእነሱ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል፤ የእኔን አዳምጦ የሚጨርስ ሰው የለም።

አባ ያረፉት የደርግ ጉልበት ሲላላ፣ ሰው እንደ ልቡ መናገር ሲጀምር ነው። ከዳሪሙ በእግሬም በጭነት መኪናም ለቀብሩ ደረስኩ። አባ ከዚያ የስብሰባ ቀን ወዲህ አንድም ቀን አልሰበኩም ነበር። ሳጥኑ ጉድጓዱ ውስጥ ሲወርድ አንድ እንባ ያቀረረው ሰባኪ ወደፊት ወጣ።

«አባታችን» አለ፣ «ሁሉ በፈራበት ዘመን ሳይፈሩ ‹ጹሙ፣ ጸልዩ፤ ዶማውን አስቀምጡ፤ እግዚአብሔር ያበላችኋል› ብለው ያስተማሩ፣ ለዚህም ቃል የተከሰሱ ጀግና ነበሩ!»

ሕዝቡ በለቅሶ ተናጠ። ያች ባሏ የተሰበከባት ጎረቤቴ ሳትቀር ደረቷን እየደቃች አለቀሰች። ያ ኃላፊ ሊያስራቸው የቆረጠውን፣ የሚወዷቸው ሰዎች ሊያከብሯቸው ብለው በዚያው ልክ ይዘውታል።

በሰው መሐል ተጋፍቼ ሰባኪው ዘንድ ደረስኩ። «አትስሙ ነው ያሉት!» አልኩት። «እንዲህ የሚላችሁን አትስሙ!»

በርኅራኄ አየኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «አይዞሽ እኅቴ» አለ፣ «ሐዘን ነው።» ሴቶች ከበው ይዘውኝ ዞር አደረጉኝ።

ከኋላዬ ቀባሪዎቹ ዶማቸውን አንሥተው አፈሩን ይመልሱ ጀመር።