የሜላት ፎቶ በቢኒ ፍሬም ውስጥ

ባለፈው እሁድ ጠዋት... ትንሿ እህቴ በሕይወት ቆማ ተለቀሰላት።

የምንኖረው ቡራዩ ነው። ታላቅ ወንድሜ ቢኒ ካረፈ ወራት አልፈዋል፤ እኔ ግን አሁንም ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ የማየው ጫማው በር ላይ መኖሩን ነው። ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በላይ ትልቁ ፎቶው ተሰቅሏል። በለቅሶው ድንኳን ውስጥ የቆመው፣ ጎረቤት ሁሉ ደረቱን እየመታ ያለቀሰበት እሱ ነው። ፍሬሙ ጥግ ላይ ጥቁር ሪባን ታስሮበታል። እማዬ ጠዋት ስትነሳ «ደህና አደርክ የኔ ጌታ?» ትለዋለች። ፊቷን የምትታጠበው ከዚያ በኋላ ነው።

አክስቴ ይሄን ማየት አልቻለችም። ከሱሉልታ በመጣች ቁጥር «ይሄ ፎቶ እህቴን ይዟት ሊሄድ ነው» ትላለች።

እሁድ እማዬና ሜላት ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። አባዬ ሰበታ ፋብሪካ ተረኛ ነው። ዳቦ ገዝቼ ስገባ አክስቴን ወንበር ላይ ቆማ አገኘኋት። ፍሬሙ ውስጥ ቢኒ የለም። በሱ ቦታ ሜላት ጋዋን ለብሳ፣ ቆብ አድርጋ ትስቃለች... ከመዋዕለ ሕፃናት የተመረቀች ቀን የተነሳችው ነው።

«አክስቴ... እማዬን ጠይቀሻታል?»

«ብጠይቃት እሺ ልትለኝ? ስትገባ የልጅ ሳቅ ትይ።»

«አባዬስ?»

«ሂድ ወዲያ! ወንድ ስለ ግድግዳ ምን ያውቃል።»

«ቢኒስ?»

«ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ሱሉልታ ወስጄ አስቀምጥላታለሁ።»

አውርጂው ልላት አፌን ስከፍት የግቢው በር ተንጓጓ። እማዬ ገባች። እንደ ልማዷ ነጠላዋን እንኳን ሳታወልቅ ቀና አለች...

«ልጄን! ልጄን የት አደረጋችሁት!»

ሐዘን የከረመበት ቤት ውስጥ ጩኸት ሲሰማ ሰው ሌላ ነገር አይጠረጥርም። ቀድማ የደረሰችው የጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ናት። ወለሉ ላይ የወደቀችውን እማዬን አየች። ፍሬሙን አየች። ሪባኑን አየች።

«ወይኔ ሜላትዬ! ወይኔ ልጄን!»

ከኋላዋ የመጡት ምንም አልጠየቁም። ደረት መምታት ተጀመረ። «አልሞተችም!» ብዬ እጮሃለሁ፤ ማን ይስማኝ።

ሜላት በር ሥር ቆማ ነበር። የሚያለቅሱትን አንድ በአንድ ታያቸዋለች። ሸሚዜን ሳብ አደረገችኝ።

«እኔ ሞቼ ነው እንዴ?»

አንስቼ ጠረጴዛ ላይ አቆምኳት።

«ይቺትና! ይቺትና ሜላት!»

ደረት መምታቱ ቆመ። እትዬ ብርቄ «በስመ አብ!» ብላ ጉንጯን ቆነጠጠቻት። ሜላት «አመመኝ!» ስትል ሁሉም ተነፈሰ።

የእድራችን ዳኛ ኦቦ ሌሊሳ «ማል ተኤ? ምን ሆናችሁ?» እያሉ እያለከለኩ ደረሱ። የሆነውን ሲሰሙ ራሳቸው ፍሬሙን አውርደው በፊቱ ደፉት።

«የሟች ፎቶ የሚነሳው እናቱ በቃኝ ስትል ነው። የሕያው ልጅ ፎቶ ደግሞ ለቅሶ ያየ ፍሬም ውስጥ አይገባም።»

አክስቴ ታለቅሳለች። «ለሷ ብዬ ነው ኦቦ... ሪባኑንም ልብ አላልኩት።»

«ለሷ ብለሽ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ልጁ ያንቺ ብቻ ነው?»

ከቦርሳዋ አወጣችው። ፎቶው መስታወቱ ላይ ተጣብቆ ኖሮ ስትልጠው የቢኒ ግራ ትከሻ ተገሽልጧል። ሌላ ትልቅ ፎቶ የለንም። እማዬ የተላጠውን ቦታ በአውራ ጣቷ እየዳበሰች፣ ቀስ ብላ...

«አመመህ?»

እኔም አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

አባዬ ሲመጣ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ሁላችንንም በየተራ ጠየቀን፤ ሜላትንም ጭምር። እማዬ «እስከ ሙት ዓመቱ እንዳለ ይቆይ፤ ከዚያ እኔው እናገራለሁ» አለች። ማንም ብቻውን እንዳይነካው ተስማማን። ፎቶውን ፎቶ ቤት ወስደን ኮፒ አስደረግን። ዋናው ተመልሶ ሲገባ ዳር ዳሩን ካርቶን አስገቡለት፤ ከአሁን በኋላ መስታወቱን አይነካም። አንዱን ኮፒ አክስቴ ይዛ ሄደች። ለካ እሷም የምታየው ቢኒ አልነበራትም... የጠየቃት የለም።

ለሜላት አባዬ አዲስ ፍሬም ሊገዛላት ነበር። «ፍሬም አልፈልግም» ብላ ፎቶዋን ራሷ ፍሪጁ ላይ በማግኔት ለጠፈችው።

«ለምን እዚያ?» አልኳት።

«ፍሪጅ ፊት ማንም አያለቅስም።»

አልነገርኳትም እንጂ... ውኃ ልጠጣ በሄድኩ ቁጥር እኔ አለቅሳለሁ።