መሪማ አሚን ያላለች ዕለት

በአዳማ ባቡር ጣቢያ ጀርባ መሪማን የማያውቅ ካለ አፍንጫ የሌለው ሰው ነው ይባል ነበር። ቅቤ ነጋዴ ናት። ከአርሲ በአህያ የሚመጣውን ለጋ ቅቤ በቅል በቅሉ ትረከባለች፤ ታነጥራለች፣ በሻሽ ታጠልላለች፣ በላምባ ቆርቆሮ ሞልታ አፉን ታስበይድና በባቡር ድሬዳዋ ላለ የአክስቷ ልጅ ትልካለች። ቀሚሷን ብታጥብ፣ ሰውነቷን ብትታጠብ፣ የቅቤው ሽታ ከእሷ ቀድሞ ይገባል። «መሪማ መጣች» የሚሉት ከደጃፍ ሳትደርስ ነው።

ከወሎ ወደዚህ አገር የመጣችው ከባሏ ጋር ነበር። ሐዲዱ አጠገብ ጎጆ ቀለሱ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ባሏ በወባ ሞተባት። ሳሊህ የሚባል የአርባ ቀን ልጅ በእቅፏ ነበር፣ ጡቷም በሐዘን ደረቀ። ያን ጊዜ የደረሰችላት ፋዲላ ናት፣ አብራት ከወሎ የወረደች የአገሯ ልጅ። የራሷን ልጅ በአንድ ጡት፣ ሳሊህን በአንድ ጡት አድርጋ አጠባች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች እህትማማች ናቸው ብሎ ያልገመተ እንግዳ የለም። አንዷ ቤት ወጥ ሲሠራ ሌላዋ ቤት እሳት አይነድም።

ፋዲላ የምትወደድ ሰው ነች፣ ይህን መካድ አይቻልም። ለቅሶ ቤት ስትገባ ሐዘንተኛውን ታስቃለች። ችግሯ ገንዘብ በእጇ አለመርጋቱ ነው። ዛሬ አቡጀዲ ልነግድ ትላለች፣ ነገ ዶሮ፣ ከነገ ወዲያ ሸክላ። የሁሉም ንግድ መነሻ ደግሞ አንድ ነው፤ መሪማ መቀነት ውስጥ ያለው ብር።

መጀመሪያ ሦስት ብር ወሰደች። ልጅ ታሞባት ነበር፣ ማን ይጠይቃታል! ቀጥሎ ለአቡጀዲ ንግድ ሰባት። አቡጀዲው ግማሹ በዱቤ ሄደ፣ ግማሹ የልጆቿ ልብስ ሆነ። «ለመከር» አለች፣ መከር አለፈ። «ለዒድ» አለች፣ ዒድም አለፈ። ሦስተኛው አምስት ብር ነው፤ መሪማን ሌሊት የሚያስነሳትም እሱ ነው።

ሐሙስ ሐሙስ ከአሥር ሰዓት በኋላ የሰፈሩ ሴቶች እማማ ዘሃራ ቤት ለዱዓ ይሰበሰባሉ። እማማ ዘሃራ ባልቴት ናቸው፤ ዓይናቸው ቢደክምም ዱዓቸው አይስትም ይባላል። ችግር ያለባት ሴት ችግሯን ትናገራለች፣ እሳቸው ይመርቃሉ፣ ሁሉም መዳፉን ዘርግቶ «አሚን» ይላል። አምስቱን ብር የተበደረች ዕለት ፋዲላ «የመሪማን እጅ አላህ ይዘርጋልኝ፣ አምስት ብር ቸግሮኛል» አለች። ሃያ ሴት ባንድ አፍ «አሚን!» አለ። መሪማ ምን ትበል? ሰው ሁሉ አሚን ያለበትን እምቢ ማለት ዱዓውን ማፍረስ ነው። ማታውኑ ማንም ሳያይ በጓሮ በኩል ቆጥራ ሰጠቻት። መለመኑ በአደባባይ፣ መቀበሉ በጨለማ። ምስክር የሚሆን የለም።

ያ አምስት ብር ግን የመሪማ አልነበረም። የመርዳሳ ነበር። መርዳሳ ከአዋሽ ማዶ ቅቤውን የሚያመጣላት ሰውዬ ነው። ዛሬ ያራግፋል፣ ዋጋውን በሚቀጥለው ገበያ ይወስዳል፤ በመሐላቸው ያለው ወረቀት ቃሏ ብቻ ነው። ያን ጊዜ አምስት ብር ስታጎድልበት አልጮኸባትም። «አካም ቡልቴ» ብሎ ሰላም አላት፣ አህዮቹን ነዳ፣ ታች ሰፈር ላለች ለሌላ ነጋዴ አራገፈ። ሁለት ወር ሙሉ። ቆርቆሮዎቿ ባዶ ሆነው ዛጉ። ሳሊህን ይዛ ቆሎ እየቆረጠመች አደረች። ፋዲላ በዚያ ሰሞን ቆሎ ላይ አብራት ተቀምጣ «አይዞሽ፣ ያልፋል» ትላት ነበር።

እንግዲህ የጃንሆይ የዘውድ በዓል ካለፈ ሁለተኛው ዓመት ግድም፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት ፋዲላ መጣች። መሪማ ድስቱ ላይ ጎንበስ ብላ አረፋውን ትገፍፋለች።

«አንቺ፣ ያ ጨርቅ ሻጩ ዓረብ አገሩ ሊገባ ነው። አቡጀዲውን በርካሽ እየጣለው ነው። አሥር ብር ብቻ» አለች ፋዲላ፣ ቁጭ ሳትል።

«የለኝም» አለች መሪማ።

«መቀነትሽ አብጧል እኮ።»

«መቀነቴ ያበጠው በመርዳሳ አሥራ ሁለት ብር ነው። ቅዳሜ ይወስደዋል።»

«ቅዳሜ ሳይደርስ አቡጀዲው ይሸጣል!»

መሪማ ማንኪያውን አስቀመጠች። ዓይኗን አላነሳችም፤ ቢሆንም ቃሏን አላላመጠችውም። «ስሚኝ ፋዲላ። የበፊቱን አልከፈልሽኝም። ሦስቱን፣ ሰባቱን፣ አምስቱን። አንዱን አላየሁም። ከእንግዲህ አላበድርሽም። ጨው ጠይቂኝ፣ ቅቤ ጠይቂኝ፣ ልጅ ጠብቂልኝ በይኝ። ብር አትጠይቂኝ።»

ፋዲላ ሳቀች። ሳቋ ደግሞ ደስ የሚል ሳቅ ነው። «ዛሬ ቅቤው ጭሶብሻል፣ ነገ እንነጋገራለን» ብላ ወጣች።

በማግስቱ መሪማ ሁሉም ያለፈ መስሏት እማማ ዘሃራ ቤት ሄደች። አንዲት ለታመመ ባሏ፣ አንዲት ለጠፋች ላሟ ዱዓ አስደረገች። ጎረቤቷ ዲንቄ «ዝናብ ነው፣ ሌላ አልፈልግም» አለች፣ ተሳቀ። ከዚያ ፋዲላ ጉሮሮዋን ጠረገች። መዳፏን ከሁሉም ከፍ አድርጋ ዘረጋች።

«እማማ፣ አላህ የእህቴን የመሪማን ልብ ያራራልኝ። አሥር ብር ነው የምለምናት። ለልጆቼ ነው።»

«አላህ ያራራው» አሉ እማማ ዘሃራ።

«አሚን!» አለ ቤቱ።

መሪማ መዳፏን አጠፈች። ጡጫዋን ጉልበቷ ላይ አኖረች። «አሚን አልልም» አለች።

አንዷ «አስተግፊሩላህ» አለች በሹክሹክታ።

«ምን አልሽ ልጄ?» አሉ እማማ ዘሃራ።

«አልልም፣ እማማ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ትናንት በቤቴ እምቢ ብያታለሁ፤ እርስዎንና አላህን አስይዛ መጣችብኝ። ባለፈውም እንዲህ አርጋኛለች። አሥራ አምስት ብር አለባት፤ አንድ ቤሳ አልመለሰችም!»

«ውሸት ነው እንዴ ዱዓዬ?» ፋዲላ ተነሳች። «ሰዎች፣ ሰማችሁ? ከአላህ ፊት ብር ቆጠረችብኝ!»

«ብሩን እዚህ ያመጣሽው አንቺ ነሽ!»

«ቁጭ በሉ፣ ሁለታችሁም» አሉ እማማ ዘሃራ። «መሪማ፣ ስታበድሪ ምስክር አቁመሽ ነበር? ሁለት ምስክር ነው የታዘዘው።»

«አላቆምኩም። እህቴ ናት ብዬ።»

«እንግዲያ ምስክር ያላቆምሽበትን ማን ይፍረድልሽ? ጥፋት ነው ይኸ፣ ያንቺ ጥፋት።» ፊታቸውን ወደ ፋዲላ አዞሩ። «ምስክር ከሌለ መሐላው ያንቺ ነው። ቁርአኑ ያው መደርደሪያው ላይ ነው። የለብኝም ብለሽ ትምያለሽ?»

ፋዲላ ቁርአኑን አየችው። «የለብኝም አላልኩም።»

«ስንት አለብሽ?»

«በእህትማማች መሐል ቁጥር አለ እንዴ?»

«አለ!» አለች መሪማ። ድምጿ ጣሪያውን ነካ። «ቆሎ ስቆረጥም የቆጠርኩት አለ። ሁለት ወር ቆርቆሮዬ ሲዝግ የቆጠርኩት አለ። ሦስት፣ ሰባት፣ አምስት።»

ያኔ ፋዲላ መታቻት፣ በእጇ ሳይሆን በአፏ። «ልጅሽን ሳጠባው ቆጥሬብሻለሁ? ያ ወተት ስንት ብር ነበር፣ መሪማ? ንገሪና! ስንት ብር?»

ዲንቄ እጇን አፏ ላይ አደረገች። መሪማ ፊቷ አመድ መሰለ። ለጥቂት ጊዜ ሁሉም ያለቀላት መስሎት ነበር፤ መቀነቷን ፈትታ አሥሩን ትወረውራለች ብሎ ያልጠበቀ አልነበረም።

«ወተቱ የሚከፈል መሆኑን ያን ጊዜ ብትነግሪኝ ላም እገዛ ነበር» አለች መሪማ። ቀስ ብላ ነው ያለችው። «የላም ዋጋ ደግሞ ካንቺ ይረክስ ነበር። አንቺ አጠባሽው፤ እናቱ ነሽ። ነገ ብትወድቂ ይጦርሻል፣ እኔም አብሬው። ያ ዕዳ እስክሞት አለብኝ፣ አልካድኩም። የመርዳሳ ብር ግን ያንን አይከፍልም። የመርዳሳ ብር የመርዳሳ ነው።»

«ጨካኝ!»

«ልሁን!»

ፋዲላ በቀኝ እጇ የግራ ክንዷን ያዘች። የብር አምባሯን፣ የሠርጓን፣ እየታገለች ከአጥንቷ ላይ ፈልቅቃ አወጣችው። የእጇ ጀርባ ተልጦ ደም ጀመረው። መሪማ ጭን ላይ ወረወረችው። «እንኪ! ጥገቢ!»

ደንቡ እዚህ ላይ የታወቀ ነው። ባለገንዘቧ አምባሩን አንስታ «ወላሂ አልቀበልም» ትላለች፣ ትመልስላታለች፣ ሁለቱም ያለቅሳሉ፣ አሥሩ ብርም ማታ በጓሮ ይሰጣል። ሴቶቹ ሁሉ ይህንን ጠበቁ። አንዷማ ነጠላዋን ለእንባ አዘጋጅታ ነበር።

መሪማ አምባሩን አነሳች። በመዳፏ አገላበጠችው።

«እማማ ዘሃራ፣ እርስዎ ይመስክሩ፣ ዲንቄም ትመስክር። ነገ አንጥረኛው ዘንድ አብረን ሄደን በብር ይመዘናል። የመዘነውን ያህል ከዕዳዋ ይነሳል።»

«ትቀበይዋለሽ?» አለች ፋዲላ።

«ወረወርሽልኝ። ተቀበልኩሽ።»

በማግስቱ መሪማ፣ እማማ ዘሃራና ዲንቄ አንጥረኛው ዘንድ ሄዱ። ባንድ በኩል አምባሩን፣ በሌላው በኩል ብር እየደረደረ መዘነ። አራት ብር። «እጅ ሥራውንስ?» ብላ ዲንቄ ጠየቀች፤ ለፋዲላ አዝና ነው። «ሲሸጥ እጅ ሥራ አይከፈልም» አለ አንጥረኛው። መሪማ ብሩን ቆጥራ ተቀበለች፤ ቀሪው አሥራ አንድ መሆኑን እማማ ዘሃራ ፊት ተናገረች።

ቅዳሜ መርዳሳ አሥራ ሁለት ብሩን ሳይጎድል ወሰደ፤ ስምንት ቅል አራገፈላት። ድስቱ ተጣደ። መሪማ ግን ደስ አላላትም። ማማሰያውን ድስቱ ላይ ስትመታው ጎረቤት ይሰማ ነበር። «ወተት! ወተቱን ትቆጥርብኛለች!» ትላለች ለብቻዋ። ሳሊህ «እማዬ፣ እነፋዲላ ቤት ልሂድ?» ሲላት «ሂድ፣ እናትህ ናት፣ ማን ከለከለህ!» ብላ ጮኸችበት። ልጁ ሄደ፤ በልቶ ተመለሰ። ይህም አናደዳት።

ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «አምባር ከወዳጅ ክንድ ይወሰዳል ወይ?» አለ። ግማሹ አፉን ዘጋ። አንዳንዶቹ ግን በጓሮ እየመጡ «እኔም አለኝ እኮ ፋዲላ ላይ፣ ሁለት ብር» ይሏት ጀመር። መሪማ እነሱንም ተናደደችባቸው። «ሐሙስ ዕለት የት ነበር አፋችሁ? አሚን ሲባል ከሁሉም የእናንተ ድምፅ ነበር የሚሰማው!» ብላ አባረረቻቸው።

ፋዲላ ለዱዓ ሦስት ሐሙስ አልመጣችም። በአራተኛው ገበያ መሪማ መደብ ላይ ቅቤ ስትቸረችር አንድ ራቁቱን የቀረ ክንድ ከፊቷ ተዘረጋ። ተልጦ የነበረው ቆዳ ድኖ ነጭ ሰንበር ሆኗል።

«አንድ ጥፍጥፍ ቅቤ ስጪኝ» አለች ፋዲላ። ወደ ሌላ እያየች ነው።

«ዱቤ የለም።»

«ማን ዱቤ አለሽ?» አንድ አላድ መደቡ ላይ ጣለች። ግማሽ ብር። ቅቤው ሁለት መሐለቅ ብቻ ነው፤ ብዙ መልስ አለው።

መሪማ አላዱን አንስታ ድንጋይ ላይ አቃጭላ አዳመጠችው፤ ለማያውቁት ሰው እንደሚደረገው። መልሱን ልትቆጥር መሐረቧን ፈታች።

«መልሱን ተይው» አለች ፋዲላ።

«ለምን?»

«ከዕዳው ላይ።» ጥርሷን ነክሳ ነው የምትናገረው። «አሥራ አንድ ብር ነው አይደል? አውቃለሁ። እንዳታስታውሺኝ!»

«አላስታወስኩሽም» አለች መሪማ። በዚያው ቁጣ አጠገቧ ወደተቀመጠችው ወደ ዲንቄ ዞራ «አይተሻል? አንቺ ምስክር ነሽ» አለቻት። ቅቤውን በቅጠል ጠቅልላ ለፋዲላ ሰጠቻት፤ ከልማዷ አንድ ጣት አስበልጣ ነበር፣ መሪማ ራሷ ግን አላወቀችውም።

ፋዲላ ቅቤውን በመዳፏ መዝና አየችው፤ መብለጡ ገባት። ሳታመሰግንም ሳትሳደብም ቅቤውን ይዛ ሄደች።