የአጎቴ ተራ

ወልድያ ላይ አኒሜሽን እሠራለሁ ስል ሰው ሁሉ «ፎቶ ቤት ከፈትክ?» ይለኛል። ማስረዳቱን ትቼዋለሁ። በተከራየሁት ክፍል ውስጥ ያለነው እኔና ኮምፒውተሬ ብቻ ነን፤ ከማንም ጋር ሳላወራ የሚመሽበት ቀን ብዙ ነው። ብቸኝነቱን ለምጄዋለሁ እላለሁ እንጂ አልለመድኩትም።

አዲስ አበባ ያለ አንድ ስቱዲዮ እስክስታ የምትወርድ ሴት እንድሠራለት አዘዘኝ። የትከሻን ፍጥነት ከራስ አፍልቆ መሳል ዘበት ነው። ስለዚህ መርሳ ወርጄ አክስቴን በስልኬ ቀረጽኳቸው። እግራቸው ከምስሉ እንዳይወጣ ስልኩን ራቅ አድርጌ አቆምኩ፤ እንቅስቃሴውን ለመከተል እንዲመቸኝ ትከሻቸው ላይ ቀይ ፕላስተር ለጠፍኩ። አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከጎን።

«ኧረ ይሄ ልጅ ለብቻዬ ሊያስጨፍረኝ ነው!» ብለው ሳቁ። ግን ጨፈሩ።

ቤቴ ተመልሼ ቪዲዮውን ምስል በምስል ከፈትኩት። ትከሻቸው ጫፍ የደረሰበትን፣ ዝቅ ያለበትን፣ ክብደታቸው ከአንዱ እግር ወደ ሌላው የዞረበትን እየለየሁ የሥዕሏን ሴት በዚያ ልክ አቆምኳት። አክስቴ በየመሀሉ ትከሻቸውን ያሳርፉና አገጫቸውን ቀና አድርገው ወደ ቀኝ ያያሉ። ደክሟቸው ነው ብዬ እነዚያን ቦታዎች በሙሉ ቆርጬ ጭፈራውን ያለ ማቋረጥ አያያዝኩት። በጥበቤም ኮራሁ።

ስቱዲዮው መለሰው። «ትከሻው ልክ ነው፤ ሴትየዋ ግን የለችም። አንዴ ብቻ እንሞክር፣ ካልሆነ ለሌላ እንሰጠዋለን» አሉኝ። ከዚህ በፊት ሥራ ካገኘሁ ወራት አልፈው ነበር፤ ደነገጥኩ።

ላፕቶፔን ይዤ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። እስከ መጨረሻው አዩና፣

«ትከሻውስ የኔ ነው። የአጎትህን ተራ የት ጣልከው?» አሉኝ።

«የምን ተራ?»

«ቆም የምለው እኮ እሱ እንዲመታ ነው። እሱ ሳይመልስልኝ እንዴት እቀጥላለሁ?»

አጎቴ፣ የአክስቴ ባል፣ ከሞቱ ቆይተዋል። ካሜራዬ ፊት በቀኛቸው የነበረው የግቢው አጥር ብቻ ነው። አፈርኩ፤ እጃቸውን ሳምኩ።

ወልድያ ተመልሼ የቆረጥኩትን አንድ በአንድ መለስኩ። ሴትየዋ አሁን ሰው ሆነች። ግን ቆማ ስትጠብቅ የሚመልስላት የለም፤ ማየቱ አላስቻለኝም። ስቱዲዮውን አስፈቅጄ ወንድ ልጨምርላት ወሰንኩ። የሚጨፍርልኝ ሰው ሳስብ የምጠራው አንድም አላገኘሁም። ስልኬን ግድግዳው ጥግ አቁሜ፣ የአክስቴን ቪዲዮ ፊት ለፊቴ ከፍቼ፣ እሳቸው ቆም ሲሉ እኔ መታሁ።

የራሴን ቪዲዮ ምስል በምስል ስለይ አየሁት። ጭፈራው አልቆ፣ የአክስቴም ቪዲዮ ጠፍቶ፣ እኔ አገጬን ቀና አድርጌ ባዶውን ግድግዳ እያየሁ ቆሜያለሁ። ተራዬን ጨርሼ መልስ እየጠበቅኩ ነበር።

ያቺን ቦታ አልቆረጥኳትም።