ዘጠነኛ የወጣችው ልጅ

የጤና ማሰልጠኛው ተማሪዎች መዝገብ ያዡን «ጋሽ ማስመሪያ» ይሉታል፤ የውጤት ዝርዝር ሲያነብ ከየመስመሩ ሥር ማስመሪያ ካላስቀመጠ ዓይኑን አያምንምና። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የተማረው መዝገብ አያያዝ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራውም እሱኑ ነው። አንድ ቁጥር አሳስቶ አያውቅም ይባላል። እሱ ግን ሁለት ጊዜ ማሳሳቱን ያውቃል፤ ቀኖቹንም አልረሳቸውም።

እህቱን ከቀበረ ሁለት ወሩ ነው። አንድ ልጇ ከእሱ ጋር ትኖራለች፤ በዚያው ማሰልጠኛ የፋርማሲ ረዳትነት ትማራለች። የመንፈቁን ፈተና የተፈተነችው እናቷ በሞተች በሦስተኛው ሳምንት ነበር። በሚቀጥለው መንፈቅ ከጓደኞቿ ጋር ለልምምድ ሆስፒታል ልትወጣ ቀን ትቆጥራለች፤ ቤቱ ውስጥ የቀረው የደስታ ወሬም ይኸው ብቻ ነው።

አንድ ጠዋት መምህሯ የሃያ ስድስት ሰልጣኞች ነጥብ የሰፈረበትን ዝርዝር ይዞ መዝገብ ቤት ገባ። የክፍል ኃላፊዋም ተከተለችው። ነጥቡ ተሞልቷል፤ ኤ፣ ቢ የሚለው ግን ገና ነው።

«እንደተለመደው በከርቭ እንስጠው» አለች ኃላፊዋ። «የላይኞቹ ሦስት ኤ፣ የታችኞቹ ሦስት ኤፍ፣ የቀረው መሃል ላይ ይደልደል።»

«የታችኞቹ እኮ ስልሳ ስምንት፣ ስልሳ ዘጠኝና ሰባ ናቸው» አለ መምህሩ። «ክፍሉ ጎበዝ ሆኖባቸው እንጂ ትምህርቱ አላቃታቸውም።»

«ሁሉን ካሳለፍክ ደግሞ ፈተናው እንደ ውሃ ነበር ይሉሃል። ከርቭ ፈተናው ቢከብድም ቢቀልም ያቻችለዋል። ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

መዝገብ ያዡ ተነሥቶ መምህሩ በመንፈቁ የመጀመሪያ ሳምንት ለሰልጣኞቹ ያደለውን የትምህርት ዕቅድ ከመደርደሪያው አወጣ። ለማለፍ ከመቶ ስልሳ፣ በተጨማሪም በመድኃኒት መጠን ስሌት ከአሥር ስምንት ማግኘት ያስፈልጋል ይላል። ሁለቱን ያሟላ ሁሉ ያልፋል። አንዱን ያጎደለ፣ ድምሩ የቱንም ያህል ቢሆን፣ ያጎደለውን የትምህርቱን ክፍል በሚቀጥለው መንፈቅ ይደግማል፤ ልምምድም እስኪያሟላ አይወጣም።

ማስመሪያውን ከየመስመሩ ሥር እያስቀመጠ የስሌቱን ነጥብ ቁልቁል አነበበ። መጨረሻ የወጣው የቀድሞ ዘበኛ፣ ባለ ስልሳ ስምንቱ፣ በስሌት ዘጠኝ አለው። ከስምንት በታች ያገኘ አንድ ሰው ብቻ ነው። ድምር ሰማንያ አንድ፣ ከክፍሉ ዘጠነኛ፤ ስሌት ስድስት። የእህቱ ልጅ ናት።

መምህሩ አስቀድሞ አይቶት ኖሯል፤ አንገቱን ደፋ። «በከርቭ ከሄደ ቢ ነው የሚደርሳት» አለ ቀስ ብሎ።

«እንግዲያስ ምን ያጨቃጭቀናል!» አለች ኃላፊዋ። «እናት አጥታ በዚያ ላይ መውደቅ፣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው።»

መዝገብ ያዡ ጉሮሮውን ጠረገ። «ዘመዴ ናትና ውሳኔው የናንተ ነው። ግን ይህ ወረቀት ለልጆቹ የተሰጠ ቃል ነው። ከርቭ ማን ከማን እንደበለጠ ይነግረናል፤ ማን መድኃኒት መስፈር እንደሚችል አይነግረንም። ዘበኛው ይችላል፤ ልንጥለው ነው። እሷ ገና አልቻለችም፤ ሕፃናት ክፍል ልንልካት ነው። ልጇን ታቅፋ የመጣች እናት ‹ስንተኛ ወጣሽ?› ብላ አትጠይቃትም።»

«እርስዎም ጨከኑ» አለች ኃላፊዋ። ወረቀቱን ስባ እስከ ታች አነበበችው። ከታች የራሷ ፊርማ አለ። «ሳላነብ ነው የፈረምኩት» አለች፤ ፊቷ ቀላ። «አሁን ምን አባቴ እላለሁ? በመስፈርቱ ይሂድ።»

ሃያ አምስቱ አለፉ። በአንዷ መስመር ላይ «አላሟላችም» የሚለውን ኃላፊዋ ራሷ እንድትጽፈው መዝገብ ያዡ ጠየቃት፤ ጻፈችው።

ቤት ሲደርስ ልጅቷ ሰምታ ጠበቀችው።

«አጎቴ፣ በከርቭ ቢሆን አልፍ ነበር?»

«ታልፊ ነበር።»

«የወሰንከው አንተ ነህ?»

«የወሰነችው ኃላፊዋ ናት። የተናገርኩት ግን እኔ ነኝ።»

«እናቴ ብትኖር...»

«ታኮርፈኝ ነበር። ሳምንት ሙሉ።»

«እኔን ሳምንት የሚበቃኝ መስሎሃል?»

እውነትም አልበቃትም። ቁርስ ታቀርብለታለች፣ ሸሚዙን ታጥባለች፤ ቃል ግን አይወጣትም። እሱም አላባበላትም። እህቱንም ስታኮርፈው ማባበል ሳያውቅበት ነው የሞተችው።

በምዝገባው ዕለት ጓደኞቿ ወደ ሆስፒታል የሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ እየተጋፉ ሲገቡ፣ እሷ ብቻዋን መዝገብ ቤቱ መስኮት ጋ መጥታ የድጋሚውን ቅጽ አቀበለችው። የምትደግመውን ክፍል መለያ ቁጥር አሳስታዋለች። መለሰላት። ቆማ አረመችው።

«አሁንስ?»

«አሁን ልክ ነው።»

ማኅተሙን መታ። አልሄደችም።

«ዛሬ ታመሻለህ?»

«በጊዜ እመጣለሁ።»

«እንግዲያው ካልኩሌተርህን ይዘህ ና፤ የኔ ተበላሽቷል» አለችና ከኋላዋ ለቆመው ቦታውን ለቀቀች።