የያዮ ፎልደር ለምን አልከፈት አለ

መቱ ውስጥ በአንድ የቡና ጽሕፈት ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። ለአንዲት አዲስ ሠራተኛ በዋናው ፎልደር ላይ የመክፈት ፈቃድ ሰጠኋት፤ በሥሩ ወዳሉት የወረዳ ፎልደሮች ፈቃዱ በራሱ ይወርዳል። የቡሬው ተከፈተላት፤ የያዮው ግን እምቢ አለ።

«ምን ነካክተሽ ነው?» ብዬ ጮኽኩባት።

ይባስ ብሎ፣ ከተዛወረ በኋላ ከዋናው ፎልደር የፈቃድ ዝርዝር ያወጣሁት ባልደረባችን የያዮውን አሁንም እንደሚከፍት ሰማሁ። በንዴት ገብቼ ባየው፣ ከዋናው ፎልደር የሚወርደው የፈቃድ ውርስ ተቋርጦ የቀረው የድሮው ዝርዝር ቅጂ ብቻ ነው። የትኛው ደነዝ ነው የቆረጠው ልል ስል ትዝ አለኝ። ከዓመታት በፊት ኦዲተሮች ሲመጡ፣ «ለአንድ ሳምንት ብቻ» ብዬ የቆረጥኩት እኔው ነኝ።

ውርሱን መልሼ የድሮውን ዝርዝር አጠፋሁና «አሁን ሞክሪው» አልኳት። ወዲያው ተከፈተ።

«ጋሼ» አለችኝ ፈገግ ብላ፣ «ምን ነካክተው ነው?»